ለቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተላከ ጥሪ

ደሴ፣ ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የሰኞ ገበያ ሰፈር ቅሬ አባላት በሙሉ

የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ እሑድ ጥር 24 ቀን ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት በቅሬው ቤት ስለሚካሄድ፣ እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የሚቀርቡት ጉዳዮች የሒሳብ ምርመራ ሪፖርት፣ የአዲስ ኮሚቴ ምርጫና የወርሃዊ መዋጮ ጭማሪ (ከ50 ወደ 80 ብር) ናቸው። ክርክሩ የሚበዛው በመዋጮው ላይ ስለሚሆን የሒሳቡን ቅጂ አስቀድማችሁ ከጸሐፊው ወስዳችሁ አንብቡ። ድንኳኑ ተቀዳዷል፤ ለቀብር የሚከፈለው ገንዘብም አሁን ባለው ገበያ አይበቃም።

መገኘታችሁን እስከ አርብ ጥር 15 ቀን ድረስ አረጋግጡ። ጸሐፊው ዘወትር ከቀኑ 11:00 እስከ ምሽቱ 1:00 ሰዓት በቅሬው ቤት ስለሚገኝ መዝገቡ ላይ ፈርሙ፤ መምጣት ያልቻለ በጎረቤት ይላክ። ቀኑ የተቆረጠው ወንበር የምንከራየውና ዳቦ የምናዝዘው በተመዘገበው ቁጥር ስለሆነ ነው።

ከ214 አባላት ቢያንስ 108 ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ ስብሰባው ለየካቲት 1 ይተላለፋል፣ የድንኳኑም ግዢ አብሮ ይዘገያል። ፈርሞ መቅረት ከሁሉ የከፋ ነው፤ እባካችሁ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ቶሎ አሳውቁን።

ድምፅ ለአንድ ቤት አንድ ነው። አባሉ ካልተመቸው በመዝገብ ላይ የሰፈረ የትዳር ጓደኛ የተፈረመ ውክልና ይዞ ሊገኝ ይችላል። የ3 ወር መዋጮ ያልከፈለ መናገር እንጂ ድምፅ መስጠት አይችልምና ውዝፋችሁን ከጉባኤው በፊት አጠናቁ። የአባልነት ደብተራችሁን አትርሱ።

ከሰላምታ ጋር
የቅሬው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ