ያልታወቀ ፈሳሽን ሞላር ማስ ከተኑ ማግኘት፦ የናሙና 7 ሙከራ ከነስሌቱ

ናሙናው ቀለም የሌለው፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱ ላይ ከቁጥሩ በቀር የተጻፈ ነገር የለም። አብረው የተሰጡት መረጃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፈሳሹ ከምን እንደተሠራ ይናገራል፦ በክብደት 54.5 በመቶ ካርቦን፣ 9.2 በመቶ ሃይድሮጅን፣ 36.3 በመቶ ኦክስጅን። ሁለተኛው በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ የፈሳሹ የተን ግፊት 81 ቶር መሆኑን ይገልጻል። ከዚህ ተነስተን ሞላር ማሱን፣ ቀጥሎም ሞለኪውላዊ ቀመሩን እናገኛለን።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አቮጋድሮ በ1811 እንዳለው፣ ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆኑ ጋዞች በእኩል ቦታ ውስጥ እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች ይይዛሉ። ስለዚህ ስፋቱ የታወቀ ዕቃ በተን ሞልተን፣ ሙቀቱንና ግፊቱን ካወቅን፣ ስንት ሞል እንዳለ እናውቃለን። ያንኑ ተን ከመዘንነው ደግሞ የአንዱ ሞል ክብደት ወዲያው ይወጣል። ዱማ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1826 ይህን ወደ ተግባር የለወጠው፣ አንገቱ ቀጥኖ በተሳበ የብርጭቆ ኳስ ነው። ዛሬ ኳሱን ተራ ኤርለንማየር ፍላስክ ተክቶታል፤ አንገቱን ደግሞ መርፌ የበሳው ፎይል።

PV = nRT

P ግፊት፣ V ይዘት፣ n የሞሎች ቁጥር፣ R ቋሚ ቁጥር፣ T በኬልቪን የተለካ ሙቀት ነው። m የተኑ ክብደት፣ M ሞላር ማሱ ሲሆኑ n = m/M ስለሆነ፣

M = mRT / PV

አራት ልኬቶች፣ አንድ ቋሚ ቁጥር። ግፊቱን በቶር፣ ይዘቱን በሊትር ስለምንወስድ R = 62.36 ነው።

አሠራሩ

ፍላስኩ በደንብ ታጥቦ ደረቀ። አፉ በፎይል ተሸፈነ፣ ፎይሉ በሽቦ ታሰረ፣ መሐሉ ላይ በመርፌ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ተበሳ። ሦስቱም አብረው ተመዘኑ፦ 78.412 ግራም። ከዚያ ፎይሉ ተነስቶ 3 ሚሊሊትር ገደማ ፈሳሽ ተጨመረና ተመልሶ ታሰረ።

“ገደማ” ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የዚህ ዘዴ ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስንት ፈሳሽ እንደጨመርን ማወቅ አያስፈልገንም። ብቻ ከበቂ በላይ ይሁን። ፍላስኩ የፈላ ውኃ ውስጥ ሲገባ ፈሳሹ ይተናል፣ ተኑ አየሩን በቀዳዳው ገፍቶ ያስወጣዋል፣ የተረፈው ተንም ተከትሎ ይወጣል። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትጠፋ የሚቀረው ልክ አንድ ፍላስክ ሙሉ ተን ነው። ሙቀቱ የውኃው ሙቀት ነው። ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ግፊቱ ባሮሜትሩ የሚያነበው ግፊት ነው። ማለትም መጠኑን የሚለካልን ፍላስኩ ራሱ ነው።

ፍላስኩ በመቆንጠጫ ተይዞ እስከ አንገቱ ድረስ በሚፈላው ውኃ ውስጥ ገባ። ማሞቂያው ሆት ፕሌት እንጂ ነበልባል አይደለም፤ እንዲህ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ሥራው ጭስ መሳቢያ ሥር መሠራት አለበት፣ ፈሳሹን ለማሽተትም መሞከር የለበትም። የውኃው ሙቀት 99.3 ዲግሪ ሆኖ ተነበበ። ባሮሜትሩ 742 ቶር ላይ ስለነበር ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ግፊቱ ከ760 ሲያንስ ውኃም ከ100 በታች ይፈላል። ለዚህ ነው “ውኃ በ100 ይፈላል” ብሎ መጻፍ ሳይሆን ቴርሞሜትሩን ማንበብ የሚገባው።

ፈሳሹ ካለቀ በኋላ ፍላስኩ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። ጠብታ ከግድግዳው ወይም ከፎይሉ ሥር ተደብቆ ከቀረ ክብደቱ ያለአግባብ ይጨምራል። በጣም ካቆዩት ደግሞ አየር በቀዳዳው ተመልሶ መግባት ይጀምራል። ከዚያ ፍላስኩ ወጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ውጪው ተጠረገ፣ ተመዘነ። ሲቀዘቅዝ ተኑ ወደ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ይህ ችግር የለውም፣ ክብደቱ ያው ነው።

መጥረጉን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ውጤቱን ያበላሻል። በኛ ፍላስክ ስሌት መሠረት እያንዳንዱ 0.01 ግራም ሞላር ማሱን በ2.1 ያንቀሳቅሰዋል። ከፎይሉ ጠርዝ ሥር የተሸጎጠች ግማሽ ጠብታ ውኃ ብቻ ብትኖር፣ 0.025 ግራም ያህል ናት፤ ውጤቱን በ5 ትጨምረዋለች። ስለዚህ የፎይሉ እጥፋት ሁሉ በቲሹ ተነካክቶ መድረቅ አለበት።

ሙከራው ሦስት ጊዜ ተደገመ። ክብደቶቹ 78.818፣ 78.821 እና 78.816 ግራም ሆኑ። የባዶውን ስንቀንስ 0.406፣ 0.409 እና 0.404 ይቀራል። አማካዩ 0.406 ግራም ነው።

የመጨረሻው ልኬት የፍላስኩ ይዘት ነው። ፍላስኩ ላይ “125 ሚሊሊትር” ተብሎ ታትሟል። ይህ ቁጥር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እስከ መስመሩ ድረስ ያለውን ግምታዊ ልክ እንጂ እስከ አፉ ድረስ ያለውን አይናገርም። ተን ደግሞ መስመር አያውቅም፣ ሁሉንም ይሞላል። ስለዚህ ፍላስኩ እስከ ጫፉ በውኃ ተሞልቶ ተመዘነ። የውኃው ክብደት 148.6 ግራም፣ እፍጋቱ በ22 ዲግሪ 0.9978 ግራም በሚሊሊትር። ሲካፈል 148.9 ሚሊሊትር ይሆናል፣ ማለትም 0.1489 ሊትር።

የመጀመሪያው ስሌት

ሙቀቱ ወደ ኬልቪን ይቀየራል፦ 99.3 + 273.15 = 372.45።

M = (0.406 × 62.36 × 372.45) / (742 × 0.1489)

M = 85.4 ግራም በሞል

ብዙ የላብ ሪፖርቶች እዚህ ላይ ያበቃሉ። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል ነው የምወደው፤ ምክንያቱም 0.406 የተኑ ክብደት አይደለም።

የጎደለው አየር

ባዶውን ፍላስክ ስንመዝን በእርግጥ ባዶ አልነበረም። በአየር የተሞላ ነበር። በሁለተኛው ምዘና ጊዜም አየር ተመልሶ ገብቷል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። በቀዘቀዘው ፍላስክ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ፣ ፈሳሹም በ22 ዲግሪ 81 ቶር ግፊት ያለው ተን ይሰጣል። ከውጪው 742 ቶር ውስጥ 81ዱን ተኑ ስለያዘ፣ ለአየር የሚቀረው 661 ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ምዘና ጊዜ ፍላስኩ ውስጥ ያለው አየር ከመጀመሪያው ያንሳል። ልዩነቱን ስንወስድ ያ የጎደለ አየር ከተኑ ክብደት ላይ ሳናውቀው ይቀነሳል።

ስንት ነው? የአየር አማካይ ሞላር ማስ 28.97 ነው። በ22 ዲግሪና በ742 ቶር አንድ ሊትር አየር 1.168 ግራም ይመዝናል። ፍላስኩን የሚሞላው አየር 0.1489 × 1.168 = 0.174 ግራም ነው። የጎደለው ድርሻ 81 ለ742፣ ማለትም 0.109 ነው።

0.174 × 0.109 = 0.019 ግራም

እውነተኛው የተን ክብደት ስለዚህ 0.406 + 0.019 = 0.425 ግራም ነው።

M = (0.425 × 62.36 × 372.45) / (742 × 0.1489)

M = 89.3 ግራም በሞል

19 ሚሊግራም የማትታይ አየር ውጤቱን በ4 ያህል ቀየረችው። እርማቱ የሚከብደው ፈሳሹ በቀላሉ የሚተን በሆነ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የሄክሴን ሞላር ማስ 86.2 ነው። የንጥረ ነገሮቹን ድርሻ ሳያይ 85.4ን ብቻ የያዘ ሰው “ሄክሴን ነው” ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሄክሴን ግን ኦክስጅን የለውም።

ቀመሩ

ከ100 ግራም ፈሳሽ እንነሳ። ካርቦን 54.5 ÷ 12.01 = 4.54 ሞል፣ ሃይድሮጅን 9.2 ÷ 1.008 = 9.13 ሞል፣ ኦክስጅን 36.3 ÷ 16.00 = 2.27 ሞል። ሁሉንም ለትንሹ ስናካፍል 2፣ 4 እና 1 ይመጣል። ቀላሉ ቀመር C2H4O ነው፤ ክብደቱም 44.05።

89.3 ÷ 44.05 = 2.03

ወደ 2 ይጠጋል። ሞለኪውላዊ ቀመሩ C4H8O2 ነው፣ ትክክለኛ ሞላር ማሱም 88.11።

እስቲ ያልታረመውን ደግሞ እንሞክር፦ 85.4 ÷ 44.05 = 1.94። ይሄም 2 ነው። የዘዴው ጥንካሬ እዚህ ይታያል። ከልኬቱ የምንፈልገው ሙሉ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ሁለት ነው ወይስ ሦስት የሚለውን ነው። የ3 በመቶ ስሕተት ይህን አይለውጠውም። የሚለውጠው ከባድ ግድፈት ነው። ለምሳሌ በ148.9 ፋንታ የታተመውን 125 ብናስገባ ውጤቱ 106 ገደማ ይሆናል፤ ለ44.05 ሲካፈል 2.4፣ ይህ ደግሞ ለየትኛውም ሙሉ ቁጥር አይቀርብም። በሴልሺየስ ያሰላ ሰው ደግሞ 23.8 ያገኛል፣ ይህም ከቀላሉ ቀመር ክብደት እንኳ ያንሳል። ቴርሞሜትሩን በአንድ ዲግሪ ማሳሳት ግን ውጤቱን የሚነካው በ0.24 ብቻ ነው። ጥንቃቄያችን ይበልጥ ሚዛኑና ይዘቱ ላይ ይሁን።

C4H8O2 የአንድ ነገር ብቻ ቀመር አይደለም። ቡታኖይክ አሲድም፣ ዳይኦክሴንም፣ ሜቲል ፕሮፓኖኤትም፣ ኢቲል አሲቴትም ይጋሩታል። ቡታኖይክ አሲድ የሚፈላው ከ160 ዲግሪ በላይ ነው፣ ዳይኦክሴን ደግሞ በ101። የኛ የፈላ ውኃ 99.3 ላይ ስለነበር ሁለቱም በዚያ ፍጥነት ተነው አያልቁም፤ ይውጡ። ሜቲል ፕሮፓኖኤት በ80 ገደማ፣ ኢቲል አሲቴት በ77 ይፈላሉ። በሞላር ማስ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ስለዚህ የመፍያ ሙቀቱ ለብቻው ተለካ። በዚያው ቀን፣ በ742 ቶር፣ 76 ዲግሪ ሆነ። ይህ ለኢቲል አሲቴት የሚስማማ ነው፤ በ22 ዲግሪ 81 ቶር የሚለው የተን ግፊትም እንዲሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ከእርማቱ በኋላም 89.3 ከ88.11 በ1.4 በመቶ ይበልጣል። ከፊሉ የምዘና ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ ክብደቶች በ0.005 ግራም ይለያያሉ፣ ይህ ብቻውን ሞላር ማሱን በ1 ያህል ያንቀሳቅሰዋል። ግን ሌላም ምክንያት አለ። PV = nRT ሞለኪውሎች እንደማይሳሳቡ ይገምታል። ከመፍያ ሙቀቱ ብዙም ያልራቀ ተን ግን ይሳሳባል፤ ጠጋ ጠጋ ስለሚል በፍላስኩ ውስጥ ቀመሩ ከሚለው ትንሽ የበዛ ይገባል። ስለዚህ በዚህ ዘዴ፣ የአየሩ እርማት ከተሠራ በኋላ፣ ውጤቱ ትንሽ ወደ ላይ ቢያዘነብል አያስገርምም።