የረመዳን የ30 ቀን አጫጭር መልእክቶች፦ የሥራ እቅድ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ውድ አዘጋጆች።

ትናንት ከመግሪብ በኋላ የተነጋገርነውን እንደሚከተለው አሰፈርኩት። ያልተስማማችሁበት ካለ እስከ ጁሙዓ ንገሩኝ።

በየቀኑ አንድ መልእክት ይወጣል፤ ከ120 ቃል አይበልጥም። ሰዓቱ ቀን 7 ሰዓት ይሁን። ከዐስር በኋላ ይሻላል ያላችሁ ነበራችሁ። ያኔ ግን እናቶቻችን ሳምቡሳ እየጠበሱ ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። በምሳ ሰዓት ባልደረቦቹ ሲበሉ ጿሚው ስልኩን ነው የሚነካካው። ያኔ እንድረስለት።

ወሩን በሦስት ከፍሎ የራሕመት፣ የመግፊራ፣ ከእሳት ነጻ የመውጫ ማለት የተለመደ ነው። ሐዲሱን ደካማ የሚሉ ዑለማኦች ስላሉ እኛ እንለፈው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ ኒያ፣ ስለ ሱሑርና ስለ ምላስ ይሁኑ። ለናሙና የቀን 4ን ጻፍኩ፦

«ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ አስቀረብህ። ጠየቅከው፣ ሰደበህ። ሆድህ ባዶ ነው፣ ራስህን አሞሃል፣ አፍህ ላይ የመጣውን አንተ ታውቀዋለህ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጿሚ ሲሰደብ ‹እኔ ጾመኛ ነኝ› ይበል ብለዋል። ዛሬ አንዴ በላት። ከዚያ ብርህን በእርጋታ ጠይቅ፤ መብትህ ነው።»

እንዲህ ይሁን። ከቁርኣን ወይም ከሐዲስ አንድ ነገር፣ ከኑሯችን አንድ ነገር፣ ለዕለቱ የሚሠራ አንድ ሥራ። ኹጥባ አታድርጉት፣ አደራ።

በመሃሉ አሥር ቀን ለወላጆች፣ ለጎረቤት፣ ለሰደቃ ቦታ አለ። ቀን 17 የበድር ነው፤ ቀን 20 ላይ መካ መከፈቷንም ልንጠቅስ አስበን ነበር፣ ግን ያ ቀን ሌላ ሥራ አለበት። የ21ኛዋ ሌሊት የምትገባው ቀን 20 ካፈጠርን በኋላ ነው። ስለዚህ የለይለቱል ቀድርና የኢዕቲካፍ ማስታወሻ ቀን 20 እኩለ ቀን ላይ ካልወጣ ሰው አንዷ ጎደሎ ሌሊት ታመልጠዋለች።

አንዱን መልእክት እህቶች ይጻፉት። በወር አበባ ምክንያት የማትጾም ሴት በረመዳን የተገለለች ይመስላታል፤ ዚክርና ዱዓ ግን አልተከለከለችም። ይህን ከሴት አፍ መስማት ይሻላል።

ዘካተል ፊጥር ቀን 26 ይውጣ። ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ ስላለበት ሰው እህሉን ገዝቶ፣ ችግረኛውን ለይቶ የሚያደርስበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ረቂቁ በሙሉ እስከ ሻዕባን 20 ይድረሰኝ፤ ኡስታዛችን የሐዲሶቹን ምንጭ ያዩልናል። ጨረቃ በ29 ከታየች ቀን 30 የለም። ስለዚህ የስንብቱ መልእክት ቀን 29 ላይ ይሁን፤ ቀን 30 የሚጽፈው ወንድማችን ግን ላይወጣለት እንደሚችል አውቆ ይጀምር።