ስለ ልደትሽ ፎቶ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በልደትሽ ግብዣ የተነሳናቸውን ፎቶዎች እሑድ ማታ ፌስቡክ ላይ የለጠፍሽው በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ አብዛኞቹም በጣም ያምራሉ። አንዱን ግን፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ እስክስታ ስመታ የሚያሳየውንና እኔን ታግ ያደረግሽበትን፣ እንድታጠፊልኝ በትሕትና እለምንሻለሁ።

ግብዣው አጎቴ ከማረፋቸው በፊት መደረጉን አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ፎቶው የወጣው ግን አርባቸው ሳይወጣ በመሆኑ፣ ከጎጃም ለለቅሶ የመጡት ዘመዶቼ በሐዘኑ መሐል የጨፈርኩ መስሏቸው እናቴን ጠይቀዋታል። ጥቁር ለብሳ፣ በዚያ ድካሟ ላይ፣ ለእንግዳው ሁሉ ነገሩን ስታስረዳ ማየት አንጀቴን በላው።

ታጉን እኔ ራሴ ማንሳት እችላለሁ፤ ሆኖም ስሜ ቢነሳም ፎቶው አንቺ ገጽ ላይ ስለሚቀር ዘመዶቼ ማየታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከተመቸሽ ዛሬ ማታ ከገጽሽ ላይ ሙሉ በሙሉ ብታጠፊውና ለእኔ በቴሌግራም ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል፤ የዚያን ቀን ደስታችንን ለራሴ ማስቀመጥ እፈልጋለሁና። ኬክ ስትቆርሺ አጠገብሽ የቆምኩበት ግን ባለበት ይቆይ።

አክባሪሽ እህትሽ