የ2017 በጀት ዓመት የግል ሥራ አፈጻጸም ግምገማ

ለ፦ ሥራ አስኪያጅ
ከ፦ የመጋዘንና ሥርጭት ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ
የግምገማው ጊዜ፦ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህ ከተቀጠርኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ዓመታዊ ግምገማ ነው። ቅጹ «ዋና ዋና ክንውኖችዎን በሚለካ መንገድ ይግለጹ» ይላል። ስለ ትጋቴና ስለ ጠባዬ የሚባለውን ለእርስዎ ትዝብት ትቼ፣ እዚህ የጻፍኩት ወረቀት ላይ ሊታይ የሚችለውን ብቻ ነው። ቁጥሮቹ የወጡት ከርክክብ ሰነዱ፣ ከቢን ካርዶቹ፣ ከገቢና ወጪ ደረሰኞችና ከማስረከቢያ መዝገቡ ነው፤ ሒሳብ ክፍል በፈለገ ሰዓት አውጥቶ ሊያመሳክራቸው ይችላል። ማወዳደሪያ የሌላቸው ሥራዎች ስላሉ፣ በየቦታቸው ማወዳደሪያ እንደሌላቸው ጽፌያለሁ።

የሥራ ድርሻዬ

ወደ መጋዘን የሚገባውን ዕቃ ቆጥሮ መረከብ፣ ማስቀመጥና ወጪ ማድረግ፤ የደሴ፣ የሐይቅ፣ የመርሳ፣ የወልዲያ፣ የባቲና የከሚሴ ደንበኞችን ትእዛዝ በየመስመሩ መድቦ አይሱዙው ላይ ማስጫን፤ የወር ቆጠራ ማካሄድ። በሥሬ ሁለት ጫኝና አውራጆች አሉ።

የካርድና የቆጠራ ልዩነት

የዓመቱ ትልቁ ሥራዬ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ።

ሐምሌ 2016 መጋዘኑን ስረከብ በተደረገው ቆጠራ፣ ከ84 የዕቃ ዓይነቶች በ29ኙ ላይ ካርዱና መደርደሪያው አልተገናኙም። የጎደለውም የተረፈውም ተደምሮ ልዩነቱ 146,300 ብር ነበር። ሰኔ 30 ቀን 2017 በተደረገው ቆጠራ ከ92 ዓይነቶች ልዩነት የታየው በ5ቱ ብቻ ሲሆን፣ የገንዘቡ መጠን 11,850 ብር ነው። የሰኔውን ቆጠራ የመራችው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፤ እኔ ዕቃ ከማሳየት በቀር ቁጥር አልጻፍኩም።

እንዲህ ዓይነት ልዩነት ሲታይ የሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ስርቆት ይሄዳል። ከ29ኙ 17ቱ ብስኩት፣ ሳሙናና ፓስታ መሆናቸውን ሳይ ግን ችግሩ የተፈታ ካርቶን እንደሆነ ገባኝ። የሽያጭ ሠራተኛ ለናሙና አራት እሽግ ብስኩት ያወጣል፤ የሰፈር ሱቅ ደግሞ ግማሽ ካርቶን ይወስዳል። ካርዱ የሚጻፈው በካርቶን እንጂ በእሽግ አልነበረም። ስለዚህ አሥራ አንድ ካርቶን ከምናምን የሆነውን አንዱ ቆጣሪ 11፣ ሌላው 12 ብሎ ይጽፈዋል። ስህተቱ በየወሩ እየተንከባለለ ዓመቱ ላይ ተራራ ይሆናል።

መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀም። በሩ አጠገብ ያለውን አንድ መደርደሪያ ለተፈታ ካርቶን ብቻ መደብኩ። ከአንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ጊዜ የሚፈታው አንድ ካርቶን ነው፤ እሱ ሳያልቅ ሌላ አይከፈትም። ለዚህ መደርደሪያ በእሽግ የሚጻፍ የራሱ ካርድ አለው። ቢሮ ውስጥ በፋይል ይቀመጡ የነበሩትን ቢን ካርዶችም አውጥቼ ከየዕቃው ፊት አንጠለጠልኳቸው፤ ዕቃ ያወጣ ሰው እዚያው ቆሞ ይጽፋል። ከዚህ በተጨማሪ ቅዳሜ ከሰዓት ብዙ የሚንቀሳቀሱ አሥር ዕቃዎችን እንቆጥራለን። መጀመሪያ ላይ ከሽያጭ ክፍል «ሥራ ታጓትታለህ» የሚል ወቀሳ ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ደንበኛ «አልደረሰኝም» ያለው ዕቃ ከካርዱ ላይ በደቂቃ ውስጥ ሲገኝ ወቀሳው ቆመ።

መጠቀሚያ ጊዜው አልፎ የተወገደ ዕቃ

በ2016 በጀት ዓመት የተወገደው 63,400 ብር ዋጋ ያለው ነበር፤ ዘንድሮ 17,900 ብር ሆኗል። የ45,500 ብር ቅናሽ ነው። ያደረግኩት፣ የእያንዳንዱን ካርቶን መጠቀሚያ ጊዜ በወፍራም ማርከር ፊት ለፊቱ ላይ መጻፍና ቀድሞ የገባውን ሳይሆን ቀድሞ የሚያልፍበትን ማስቀደም ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ግን አቅራቢ አንዳንድ ጊዜ ዘግይቶ የላከው ዕቃ ቀኑ የቀረበ ይሆናል። ሦስት ወር የቀረውን ዕቃ ዝርዝርም በየወሩ መጀመሪያ ለሽያጭ ክፍል እሰጣለሁ።

ቅናሹ ሁሉ ግን የእኔ አይደለም። ድርጅቱ ከጥር ወዲህ የብስኩት ግዢ ቀንሷል፤ ያነሰ ከተገዛ ያነሰ ይበላሻል። የእኔን ድርሻ ለይቶ ለማውጣት ስለማይቻል፣ ቁጥሩ የግዢ ክፍሉም ጭምር እንደሆነ ተደርጎ ይወሰድልኝ።

በተባለው ቀን የደረሰ ትእዛዝ

እስከ መስከረም ድረስ ትእዛዝ መቼ እንደተቀበልንና መቼ እንዳደረስን የሚያሳይ መዝገብ አልነበረም። ማስረከቢያ መዝገቡን የጀመርኩት ጥቅምት ላይ ስለሆነ መነሻዬ ጥቅምት ነው፤ ከ112 ትእዛዞች 80ው በተባለው ቀን ደርሰዋል፤ 71 በመቶ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ሩብ ዓመት ከ376ቱ 342ቱ ደርሰዋል፤ 91 በመቶ። ጥር ላይ የተስማማነው ግብ 95 ነበር፤ አልደረስኩበትም። ከዘገዩት 34ቱ 19ኙ የወልዲያ መስመር ናቸው። ለወልዲያ የምንሰጠው የማድረሻ ቀን ለሐይቅ ከምንሰጠው ጋር እኩል ነው፤ መርሳ ላይ አራግፎ የሚያልፍ መኪና ግን ሐይቅ ደርሶ እንደሚመለሰው ሊሆን አይችልም። ለወልዲያ አንድ ቀን ተጨምሮ ለደንበኞቹ ቢነገራቸው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ካልሆነ መዝገቡ በየወሩ ያንኑ ይደግማል።

የባቲ መስመር የተሻለ ውጤት አለው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። እኛ ግን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እንሄድ ነበር፤ የማክሰኞው ዕቃ ገበያው ካለፈ በኋላ ይደርስና ባለሱቁ «ለሚቀጥለው ይሁን» እያለ ከፊሉን ይመልሰዋል። ከሾፌራችን ጋር ተመካክረን ከጥር ጀምሮ የማክሰኞውን አስቀረንና የቅዳሜውን ጭነት አበዛን። እስከ ሰኔ መጨረሻ 24 ምልልስ ቀርቷል። ደርሶ መልሱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ 1,920 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ አይሱዙው በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል 384 ሊትር ናፍጣ ነው። የናፍጣ ዋጋ በዓመቱ ውስጥ ስለተቀያየረ ወደ ብር አልቀየርኩትም። በእነዚሁ ወራት የባቲ ሽያጭ እንዳልቀነሰ ከሽያጭ ሪፖርቱ ማየት ይቻላል። ሐሳቡን መጀመሪያ ያነሳው ሾፌሩ መሆኑም ይመዝገብልኝ።

የጾምና የበዓል ወራት

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። እንደኛ አገር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ጾም በሚጾምበት፣ ይህ ማለት ዘይት፣ ዱቄት፣ መኮሮኒና ተምር በአንድ ላይ ይፈለጋሉ ማለት ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ያለፈውን ዓመት የወጪ ደረሰኞች በሳምንት በሳምንት ደምሬ ለግዢ ክፍል የፍላጎት ግምት ሰጠሁ። በስድስት ዋና ዋና ዕቃዎች ላይ፣ በሁለቱ ወራት ውስጥ መጋዘን ባዶ የሆነበት ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ቀን ያለቀው ባለ 3 ሊትር ዘይት ነበር። ለ2016 እንዲህ ያለ መዝገብ ስለሌለ ማወዳደር አልችልም።

ለመስከረም 21 የግሸን ንግሥ ግን ይህን አላደረግኩም፤ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜዬ ገና ያለቀበት ሰሞን ነበር። በደሴ አድርጎ ወደ አምባሰል ለሚወጣው ምእመን የታሸገ ውኃና ብስኩት ምን ያህል እንደሚፈለግ የገባኝ የደሴ ደንበኞቻችን ስልክ ሲደረድሩ ነው። የዚያን ሳምንት የወጪ ደረሰኞች ለይቼ አስቀምጫለሁ።

ያልተጠናቀቀ

የቢን ካርዶቹን መረጃ ወደ ኤክሴል ማስገባት እስከ ሰኔ እንዲያልቅ ታቅዶ ነበር። ከ92ቱ 60 ዓይነቶች ገብተዋል፤ 65 በመቶ። ኮምፒውተሩ አንድ ብቻ ሆኖ ሒሳብ ክፍል ስለሚሠራበት፣ የማገኘው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ እሱም የለም። የእኔ የኤክሴል ችሎታም ገና ነው፤ መደመርና ማጣራት እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ ያለውን አልችልም።

ለ2018 ያቀድኩት

የቆጠራ ልዩነቱን ከ3 ዓይነት ዕቃ በታች ማድረግ፤ የወልዲያ የማድረሻ ቀን ከተስተካከለ በሩብ ዓመት 95 በመቶ ማድረስ፤ ለግሸን ንግሥ የሚያስፈልገውን ግምት እስከ ነሐሴ 20 ለግዢ ክፍል ማቅረብ፤ ቀሪዎቹን 32 ዓይነቶች እስከ ጥቅምት መጨረሻ ወደ ኤክሴል ማስገባት። ከሁለቱ ጫኞች አንደኛው ካርድ መጻፍ በደንብ ለምዷል፤ እኔ በሌለሁበት ቀን ወጪ እንዲያደርግ በጽሑፍ ውክልና እንዲሰጠው እጠይቃለሁ።

የምጠይቀው ድጋፍ

አንደኛ፣ 20 የእንጨት ፓሌት። በክረምት የመጋዘኑ ወለል ርጥበት ስለሚስብ ከታች ያለው ረድፍ ይጎዳል፤ ባለፈው ነሐሴ ብቻ 14 ከረጢት ዱቄት በዚህ ምክንያት በቅናሽ ተሽጧል። አሁን ሐምሌ ስለሆነ ይህ ከሌላው ሁሉ ቢቀድም እመርጣለሁ። ሁለተኛ፣ ያገለገለም ቢሆን ለመጋዘኑ አንድ ኮምፒውተር፤ ከዚያ ጋር የአጭር ጊዜ የኤክሴል ሥልጠና።

ሦስተኛው የደመወዝ ጉዳይ ነው። ስቀጠር «ዓመቱን እንይና እንነጋገራለን» ብለውኝ ነበር። የሥርጭት ምደባው ከጥቅምት ጀምሮ በቃል የተጨመረልኝ ሥራ ስለሆነ፣ በሥራ መዘርዝሬ ውስጥ እንዲገባና ደመወዜም ከዚያው ጋር እንዲታይ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለራሴ የሰጠሁት ነጥብ

ከ5ቱ 4። በመጋዘን አያያዝ 5 እወስድ ነበር፤ ሥርጭቱ ግቡ ላይ ስላልደረሰና ኤክሴሉ ስላላለቀ ወደ 4 ወርዷል። እርስዎ ከዚህ የተለየ ነጥብ ከሰጡ፣ የትኛው ቁጥር ላይ እንደተለያየን በውይይታችን ቀን ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

የሁለቱ ቆጠራዎች ቅጂ፣ የማስረከቢያ መዝገቡ የወር ማጠቃለያና የተወገዱ ዕቃዎች ቃለ ጉባኤ ተያይዘዋል።

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.