ቀሪ ሂሳብ

የቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ ነው። ገርጂ ውስጥ ያለው የእትዬ ወርቄ ሱቅ በሰው ተጨናንቋል። አንዱ ዘይት ይላል፣ ሌላዋ ቡና ታስመዝናለች፣ ከወደ በሩ ደግሞ ሂሳብ ልክፈል የሚል ድምፅ ይሰማል። እትዬ ወርቄ ከጠዋት ጀምራ አልተቀመጠችም። ረዳቷ ያሬድ ከመጋዘን ዕቃ ያመላልሳል።

ነጭ ነጠላ ያጣፋው ሰውዬ ወደ መደርደሪያው የተጠጋው በዚህ መሀል ነበር።

«እናቴ፣ እንኳን ለዚህ አደረሰዎት። ለሰፈሩ አረጋውያን ማዕድ የምናጋራበት ነው። ባለ 5 ሊትር ዘይት 12፣ ቡና ደግሞ 10 ኪሎ ይስጡኝ።»

አነጋገሩ ትሑት ነው። ስለ አረጋውያኑ ሲያወራ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል። የእትዬ ወርቄ ልብ ወዲያው ራራ፤ እናቷ በስተርጅና በጎረቤት እጅ ጎርሰው ነው ያለፉት። ዘይቱ 17,400፣ ቡናው 6,000፣ በድምሩ 23,400 ብር። ሁለት ዘይት ከራሷ ልትጨምርለት እንኳ አስባ ነበር።

ሰውዬው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ስሟን፣ የሂሳብ ቁጥሯንና ስልኳን እያየ ስልኩን ነካካ። ብዙም ሳይቆይ የእሷ ስልክ ጮኸ።

«ገባልዎት?»

አየችው። እንደ ሁልጊዜው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ የባንኩ ስም፣ የእሷ ስም፣ በኮከብ የተሸፈነ የሂሳብ ቁጥር፣ ገቢ 23,400 ብር። በበዓል ግርግር ከገንዘቡ መጠን አልፎ የሚያነብ ነጋዴ ብዙ አይደለም፤ አጭበርባሪዎችም የሚሠሩት ይህንን አውቀው ነው።

«ገብቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ያሬድ የመጀመሪያውን ካርቶን ትከሻው ላይ አወጣ። ውጭ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና ይጠብቃል።

«ያሬድ፣ ቆይ። ልጻፍ።»

ይህ ልማዷ ከአባቷ የመጣ ነው። አባቷ እህል በረንዳ ሲነግዱ ደብተር ላይ ያልሰፈረ ኩንታል ከደጃቸው አይወጣም ነበር። እሷም የስልክ ክፍያ ከመጣ ወዲህ ለየብቻው ደብተር አስምራ ይዛለች። ሰዓት፣ የላኪ ስም፣ የገባው ገንዘብ፣ ከጎኑ ቀሪ ሂሳብ። ዓምዶቹ ሳይሞሉ ዕቃ ደፉን አያልፍም፤ ገዢው ወንድሟ ቢሆንም።

ሰውዬው ሰዓቱን አየ። «እናቴ፣ አዛውንቶቹ እየጠበቁን ነው፤ መኪናውም በሰዓት የሚከፈልበት ነው።»

«ገባኝ ልጄ፣ አንድ መስመር ናት።»

ሰዓቱን ጻፈች። የገባውን ጻፈች። ቀሪውን ከስልኩ ልትገለብጥ ስትል እጇ ቆመ። መልእክቱ 41,906 ብር ይላል። ከላይ ባለው መስመር፣ ረፋዱ ላይ በራሷ እጅ የጻፈችው ግን 68,215 ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ብር አላወጣችም። ገንዘብ ገብቶ ሂሳብ እንዴት ይቀንሳል?

የላኪውን ቦታ አየች። ሌላ ጊዜ የባንኩ ስም በሚወጣበት ስፍራ የማታውቀው የግለሰብ ስልክ ቁጥር ተቀምጧል። የባንኩ ስም ያለው ጽሑፉ ውስጥ ብቻ ነው።

ፊቷ ጋለ። ሰው በአረጋውያን ስም ይለምናል እንጂ እንዴት ይሰርቃል? ቢሆንም ድምፅ አላሰማችም። በባንኩ አጭር ቁጥር ደውላ፣ የምሥጢር ቁጥሯን በመዳፏ ከልላ አስገብታ ሂሳቧን ጠየቀች። 68,215። የተነካ ነገር የለም።

«ልጄ፣ ገንዘቡ አልደረሰኝም። ያሬድ፣ ካርቶኑን አውርድ።»

«እንዴት? መልእክቱን አሁን አይተውታል እኮ!»

«መልእክቱን አይቻለሁ። ሂሳቤ ውስጥ ግን የለም። ሲገባ ዕቃህ እዚሁ ይጠብቅሃል።»

ሰውዬው ኔትወርክ ነው አለ፤ ወዲያው ደግሞ ባንክ ልደውል ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ወጣ። መኪናው ሲነሳ የኋላ በሩ ገና አልተዘጋም ነበር። ያሬድ ሮጦ ታርጋውን አነበበና ደብተሩ ላይ ጻፈው።

«ሩጥ፣ ለቅቤዋ ንገራት፤ ለእንቁላል ነጋዴዎቹም» አለችው።

ያሬድ የተመለሰው ቅቤ ሻጯን አስከትሎ ነው። ሴትዮዋ መቀነቷን እንደያዘች ታለቅሳለች፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት 8 ኪሎ ቅቤ ለዚያው ባለ ነጠላ አስረክባለች። ስልኮቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው አዩ። ላኪው አንድ ቁጥር ነው።

«ላጥፋው ይሆን? ሳየው ያመኛል» አለች ቅቤ ሻጯ።

«እንዳታጠፊው! ማስረጃሽ እሱ ነው።» እትዬ ወርቄ ደብተሩን በብብቷ ያዘች፤ ወረፋ የያዙትን ደንበኞች ይቅርታ ጠይቃ ሱቁን ለያሬድ ተወችና ሴትዮዋን ክንዷን ይዛ ወደ ፖሊስ ጣቢያ መንገድ ጀመረች።