መድኃኒት እየወሰዱ መጾም፦ ከድሬዳዋ

(ምስል፦ ሳቢያን ሰፈር፣ ማለዳ። ነጠላ የለበሱ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። ባጃጅ ያልፋል።)

አቅራቢ፦ ጤና ይስጥልኝ ድሬዎች፤ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ አንዳንድ እናቶቻችን ክኒናቸውን «ለፋሲካ እጀምረዋለሁ» ብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ይቋጥሩታል። ኢንሱሊን የሚወስዱት ደግሞ እንደ ወትሮው ጠዋት ተወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይውላሉ። በዚህ በእኛ ሙቀት! አቦ፣ ሁልጊዜ ከወደቁ በኋላ ነው የምንገናኘው። ዛሬ ከመውደቃቸው በፊት እንነጋገር ብዬ ሐኪምም ቀሲስም ለምኜ አምጥቻለሁ።

(ምስል፦ የምርመራ ክፍል። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ የስኳር መለኪያና ሁለት የክኒን ማሸጊያ ያስቀምጣል።)

አቅራቢ፦ ዶክተር፣ ስኳር ያለበት ሰው ጨርሶ መጾም አይችልም ማለት ነው?

ሐኪም፦ ሁሉም አንድ አይደለም። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ፣ ስኳሩ የተስተካከለ ሰው ብዙውን ጊዜ ሰዓቱን አስተካክለንለት ይጾማል። የሚያሰጋኝ ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላሚድ ያሉት ክኒኖች ናቸው። ሰውየው በላም አልበላም ስኳሩን ያወርዱታል። ላብ ላብ ካለው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ወዲያው ጾሙን ይፍታ። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፤ ከዚያ ምግብ ይብላ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል።

አቅራቢ፦ ኢንሱሊኑን ራሳቸው የሚተዉትስ?

ሐኪም፦ እሱም አደጋ ነው። በተለይ በልጅነታቸው የጀመራቸው፣ ያለ ኢንሱሊን የማይኖሩት፣ ባይበሉም መጠኑ ይቀየርላቸዋል እንጂ አይቋረጥም። ስንት ይቀነስ የሚለውን ደግሞ ጎረቤት አይወስነውም።

(ድምፅ፦ አቅራቢዋ ትስቃለች።)

አቅራቢ፦ ጎረቤት ብዙ ነገር ይወስናል እዚህ አገር! ግፊትና ኩላሊትስ?

ሐኪም፦ በቀን አንዴ የሚዋጥ የግፊት ክኒን ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል፤ ጠይቁን። ሽንት የሚያሸና ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ በድሬ ፀሐይ ከዋለ የደም ግፊቱ ወርዶ ያዞረዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ውኃ መከልከል የለበትም። የሚጥል በሽታ፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት አንድ ቀንም አይዘለልም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከመጾሟ በፊት ትጠይቀን።

(ምስል፦ ቤት ውስጥ። ሰፌድ ላይ ግማሽ እንጀራ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን።)

አቅራቢ፦ ስለ ማዕዱ አንድ ነገር ልጨምር። የጾም ምግብ ሁሉ ለስኳር ይስማማል ማለት አይደለም። ዳቦ፣ ድንች ወጥ፣ ጣፋጭ ሻይ፣ ከዚያ ላይ ብስኩት፦ ሥጋ ባይኖርበትም ስኳሩን ያስነሳዋል። እንጀራውን ቀንሱና ምስሩንና ጎመኑን ጨምሩ። ተልባ ያለ ስኳር ጥሩ ነው። ግፊት ያለባችሁ ጨው ቀንሱ፤ ሽሮው ውስጥ ያለው ይበቃል። ጨጓራ ያለበት ሰው ደግሞ በባዶ ሆድ ሦስት ስኒ ቡና ጠጥቶ «ጾሙ አቃጠለኝ» ባይል ደስ ይለኛል።

(ምስል፦ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዛፍ ጥላ። ቀሲስ መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አቅራቢዋ መስቀል ትሳለማለች።)

አቅራቢ፦ አባታችን፣ አንዲት እናት «ክኒኔን በጠዋት ከዋጥኩ ጾሜ ፈረሰ» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ቀሲስ፦ ወደ እኔ ላኪያት ልጄ። ጾሙ አልፈረሰም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመም የከለከለውን ሰው ለይቶታል። ይህ ቀኖና እንጂ የእኔ ርኅራኄ አይደለም። ችግሩ ምእመኑ ጾምን አንድ ነገር ብቻ ያደርገዋል፤ ረሃብ ብቻ። ጾም ግን ሰዓት አለው፣ የምግብ ዓይነት አለው፣ ስግደት፣ ጸሎትና ምጽዋት አለው። ሰዓቱን ካልቻልሽ ሰዓቱን እንፈታልሻለን፤ በጠዋት ቀምሰሽ ከሥጋና ከወተት ግን ትከለከያለሽ። ጉልበትሽ ወይም ልብሽ ካልቻለ ስግደቱን በመቀመጥ በምትጸልይው ጸሎት እንለውጠዋለን። ከማዕድሽ የተረፈውን ለነዳያን ትሰጫለሽ። አንደበትሽ ደግሞ ክኒን አይከለክለውም፤ ሐሜትን ይጹምልሽ!

አቅራቢ፦ ሐኪም ወተትና እንቁላል ያዘዘላቸውስ? ሰውነታቸው በጣም የከሳ አሉን።

ቀሲስ፦ ለንስሐ አባቷ ትንገር። እንደ መድኃኒት ትወስደዋለች፤ እስክታገግም ነው። ተደብቃ አትብላ። ተደብቃ ስትበላ ሕሊናዋ ይወቅሳታል፤ ምግቡም አይጠቅማትም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ፈቃዱ ለእሷ ነው። «ለእገሊት ተፈቅዷል» ብሎ ጤነኛው ሁሉ አይከተላት። ለቅዱስ ቁርባን የምትዘጋጅ ከሆነም ስለ መድኃኒቷ ሰዓት ቀደም ብላ ትጠይቅ፤ በዕለቱ በር ላይ አይደለም።

አቅራቢ፦ የቁልቢውን ጉዞስ? ታኅሣሥ 19 በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ምንም ሳይቀምሱ የደንገጎን አቀበት በእግር ይወጣሉ።

ቀሲስ፦ ስእለታቸውን አውቃለሁ። ገብርኤል በመኪና የመጣውንም ይቀበላል። በእግር ካሉ ግን ስኳሩንና ውኃውን በኪሳቸው፣ አንድ የሚያውቃቸውን ሰው በጎናቸው ይዘው ይሂዱ። መንገድ ላይ ቢያዞራቸው ይብሉ፤ እኔ ኃላፊ ነኝ።

(ምስል፦ መጋላ፣ ገበያው ዳር። ሼኹ ከቤታቸው ደጃፍ።)

አቅራቢ፦ በ2017ም በ2018ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ነው። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቶች አብረን ጾመናል፤ አብረንም ክትትል ክፍል ተሰልፈናል። ስለዚህ ሼኹንም ጠየቅኳቸው።

ሼኽ፦ ቁርኣን በሱረቱል በቀራ፣ አንቀጽ 184 እና 185፣ የታመመና መንገደኛ ሰው በሌሎች ቀናት እንዲጾም ፈቅዷል። የሚድን ሕመም ከሆነ ሲሻለው ያመለጠውን ጾም ቀዳ ያወጣል። የማይለቀው ሕመም ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ያበላል፤ ፊድያ ነው። አላህ የሰጠህን ፈቃድ አልቀበልም ብለህ ራስህን አትጉዳ። ሐኪም አትጹም ካለህ፣ አትጹም።

(ምስል፦ አቅራቢዋ በክትትል ክፍሉ በር ላይ፣ ካርድ በእጇ።)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ የክትትል ካርዳችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ስሙን ባታውቁት ግድ የለም፤ ማሸጊያውን አምጡት። ሐኪሙ የፈቀደውንና የከለከለውን በአጭሩ ይጽፍላችኋል፤ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ወይም ወደ ሼኻችሁ ትሄዳላችሁ። ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ «አሞኛል» ብቻ ካላችሁ እሳቸውም ምን እንደሚፈቅዱ ይቸገራሉ። ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ የሌላችሁ ደግሞ ኢንሱሊኑን እንዴት በሸክላ ማሰሮ እንደምታቀዘቅዙት በሚቀጥለው ቪዲዮ አሳያችኋለሁ፤ ማሰሮውን ከአሁኑ አዘጋጁ።

(ጽሑፍ በስክሪን ላይ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የንግግር መምታታት ወይም ከ70 በታች ስኳር፦ ወዲያው ጾሙን ይፍቱ።)