ለእናቴ፣ ቀሃ ኢየሱስ፣ ጎንደር

ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ

እንዴት ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ዋለ? የግፊት መድኃኒትሽን በሰዓቱ እየወሰድሽ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። የላክሽልኝ ሽሮ በሰላም ደርሶኛል። ትናንት ሠራሁት፣ ቤቱ ሁሉ ያንቺን ጓዳ ጓዳ ሸተተ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ገንዘቡ ነው። ክረምት ላይ የላክሁትን ለመቀበል በዝናብ ሁለት ቀን ባንክ ቤት ተመላልሰሽ እንደነበር የሰማሁት ከሜሮን ነው። አንቺማ "ወዲያው ተቀበልኩ" ነበር ያልሽኝ። ስሙ ከመታወቂያሽ ጋር አልገጠመም ብለው እንደመለሱሽ ስሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአያቴን ስም አሳስቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ እንደዚያ አትጉላዪም። ገንዘቡን በቀጥታ ስልክሽ ላይ ባለው ቴሌብር እልክልሻለሁ።

በስልክ ብነግርሽ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ትረሺዋለሽም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽው ለዚህ ቀን ነውና፣ ፊደሉን ትልቅ ትልቅ አድርጌ ጽፌልሻለሁ። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ሁለት ሲም ካርድ አለሽ። አንዱ ከመሄዴ በፊት እኔ ያወጣሁት ነው፤ በእኔ ስም ነው የተመዘገበው። ሌላው አምና ራስሽ በመታወቂያሽ ያወጣሽው ነው። የምልከው በራስሽ ስም ባለው ላይ ነው። ሜሮን ይዛሽ ፒያሳ ወዳለው የቴሌ ሱቅ ትሂድ። መታወቂያሽን አትርሺ። "ቴሌብር ክፈቱልኝ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጉልኝ" በያቸው። ስምሽ ከነአባትሽና ከነአያትሽ ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው መግባቱን ቁጭ ብለሽ አረጋግጪ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ ክረምት ላይ ያለቀስንበት ነገር ነው።

የሚስጥር ቁጥር አውጪ ይሉሻል። ስድስት አሃዝ ነው። 123456 አታድርጊ። የተወለድኩበትን ቀን፣ ወርና ዓመትም አታድርጊ፤ ሰፈር በሙሉ ያውቀዋል። አንቺ ብቻ የምታውቂው፣ ተኝተሽ እንኳ የማትረሺው ይሁን። ወረቀት ላይ ጽፈሽ መቀነትሽ ውስጥ አትቋጥሪው። ስልኩም መቀነቱም አንድ ላይ ቢጠፋ ሌባው ሁለቱንም አገኘ ማለት ነው።

ለእኔም አትንገሪኝ እማዬ። ገንዘብ ስልክልሽ የሚያስፈልገኝ ስልክ ቁጥርሽና ስምሽ ብቻ ነው። ገንዘብ ለመቀበል ሚስጥር ቁጥር አይጠየቅም። ስለዚህ "ገንዘብ መጥቶልሻል፣ እንድናስገባልሽ ቁጥርሽን ንገሪን" የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ድምፁ የፈለገውን ያህል ጨዋ ይሁን፣ "ከቴሌ ነው የምደውለው" ይበል፣ ዝጊበት። "ልጅዎ ታሟል፣ ቶሎ" ቢልም ዝጊበትና ለእኔ ደውዪ።

ገንዘቡ ሲገባ ስልክሽ ጢው ይላል። መልእክት ነው። ላኪው ላይ 127 የሚል ቁጥር ይታያል። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ስልክ "ብር ገብቶልሻል" የሚል መልእክት ከመጣ የቴሌብር አይደለም። በተለይ ይቺን ልብ በያት። አንድ ሰው ይደውልና "እናቴ፣ ተሳስቼ 3000 ብር ልኬብዎ ነው፣ እባክዎ ይመልሱልኝ" ይላል። አንቺ ደግሞ የሰው ገንዘብ እንደማትነኪ አውቃለሁ፤ አዝነሽ ትመልሻለሽ ብዬ ነው የምፈራው። አትመልሺ። መጀመሪያ ሂሳብሽን እዪ። ብዙ ጊዜ የገባ ነገር የለም፣ የሚወስደው የራስሽን ነው። እውነት ገብቶም ከሆነ በቴሌብር በኩል ይጠይቅ።

ሂሳብ ማየት እንዲህ ነው። ካርድ ስትሞዪ ኮከብ 805 ብለሽ ትጀምሪ የለ? ይሄም እንደዚያው ነው። ከስልክሽ በታች በስተግራ ያለችው ኮከብ ናት፣ በስተቀኝ ያለችው መሰላል። እንዲህ ትጽፊያለሽ፦

```
*127#
```

ከዚያ አረንጓዴውን ተጫኚ። ዝርዝር ይመጣል። "ሂሳብ" የሚለውን ፈልጊና ከፊቱ ያለውን ቁጥር ጽፈሽ ላኪ። እዚህ ላይ ሚስጥር ቁጥርሽን ይጠይቅሻል፤ ይሄን ራስሽ ስለጀመርሽው አትፍሪ። በ*804# የምታዪው የስልክ ሂሳብ ነው፣ ከዚህ ጋር እንዳይምታታብሽ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሰፈር ዳታ ጠፋ ሲሉ አትደንግጪ፣ ስልክ የሚያስደውል ኔትወርክ ካለ ይሠራል።

ሜሮን ዝርዝሩን ታንብብልሽ፤ ሚስጥር ቁጥሩ ላይ ስትደርሱ ግን ፊቷን ታዙር። ልጅቷን ስለማላምናት አይደለም፣ እህቴ ናት። ነገ አንድ ነገር ጎደለ ቢባል ማንም በእሷ ላይ ጣት እንዳይቀስር ነው። ይሄንንም አንብቢላት።

ሁሉንም በአንዴ አታውጪው። ለጤፍና ለመድኃኒት የሚሆንሽን አውጪ፣ ሌላው እዚያው ይቀመጥልሽ። ስታወጪ የቴሌብር ወኪል የሚል የተለጠፈበት ሱቅ ግቢ። ሱቀኛው የወኪል ቁጥሩን ይነግርሻል። የምታወጪውን ብርና ሚስጥር ቁጥርሽን በራስሽ ጣት ጻፊ። "ስልኩን ልንካልዎት" ካለ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እችላለሁ" በይ። ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል፣ ያ ያለ ነው። ወጣ የሚል መልእክት ሳይመጣ፣ ብሩንም ቆጥረሽ ሳትቀበይ ከሱቁ አትውጪ። ሰልፍ ቢኖርም ይጠብቁ፤ አሮጊት ብር ስትቆጥር የማይታገስ ጎንደሬ የለም።

አንድ ወር የሚደርስሽ ከሌላው ቢበልጥ ወይም ቢያንስ አትጨነቂ። እኔ የምልከው ዩሮ ያው ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በየጊዜው ይለዋወጣል፣ አንዳንዴም ከፍ፣ አንዳንዴም ዝቅ ይላል። ሥራ ቀንሶበት ይሆን ብለሽ ስለት እንዳትሳዪ።

መጀመሪያ ለሙከራ 500 ብር ብቻ ነው የምልከው። ሁልጊዜም ከመላኬ በፊት ራሴ ደውዬ እነግርሻለሁ። እኔ ያልነገርኩሽ ገንዘብ ስልክሽ ላይ ካየሽ አትንኪው፣ ደውዪልኝ።

ለእትዬ ዘነቡ፣ ለሜሮንና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለኅዳር ሚካኤል ወደ አባቴ መቃብር ስትሄጂ ለእኔም አንድ ጧፍ አብሪልኝ።

ቅዳሜ ከገበያ ስትመለሺ፣ በእናንተ 9 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ስልኩን ቻርጅ አድርገሽ መነጽርሽን አጠገብሽ አስቀምጪ። ደውዬ እልካለሁ፣ 127 የሚለውን መልእክት አንቺ ታነቢልኛለሽ።

ልጅሽ ደረጀ